«ደህና ነኝ» ካለች በኋላ
በዳንግላ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር

እንደምን ዋላችሁ?

መልሳችሁን ሰማሁ። ከፊት ያላችሁት «እግዚአብሔር ይመስገን» አላችሁ፤ ከጎን «አልሐምዱሊላህ» ያለም አለ። ከመካከላችሁ ትናንት ጥርሱን ሲያመው ያደረ ሰው አይጠፋም። እሱም ከሁላችሁ ጋር «ይመስገን» ብሏል። ዋሽቷል ማለት ግን አይቻልም፤ ሰላምታውን ነው የመለሰው። ለቅሶ ቤት ገብተን እንኳ «እንደምን አላችሁ» ተባብለን ነው የምንቀመጠው። ሰላምታችን ስለ ጤናችን መረጃ ለመለዋወጥ የተሠራ አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ይህንኑ ሰላምታ እንደ ምርመራ ሲቆጥረው ነው። ጎበዝ ሠራተኛው ፊቱ ጠቁሮ ሲያየው ኮሪደር ላይ ያቆመውና «ደህና ነህ?» ይለዋል። «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ይባላል። ኃላፊው ጠይቄአለሁ ብሎ ይሄዳል፤ ሠራተኛውም መልሻለሁ ብሎ ይሄዳል። ከሦስት ወር በኋላ ያ ሰው መልቀቂያ ሲያስገባ፣ ወይም ታሞ ሲተኛ፣ ወይም ትልቅ ስህተት ሲሠራ ሁሉም «ምንም አላለንም እኮ!» ይላል። ዛሬ የምነግራችሁ ሰው «ደህና ነኝ» እያለ በሥራ መታከቱ ከምን ከምን እንደሚታወቅ ነው።

መጀመሪያ ስለ ስሙ ትንሽ ልበል። ፈረንጆች ለዚህ ነገር የሰጡት ስም ከመቃጠል የመጣ ነው፤ ተቃጥሎ ማለቅ እንደማለት። የእኛ ሰው ግን ከዚያ የተሻሉ ቃላት አሉት፤ አንድ ላይ አድርጎ ስላልተጠቀመባቸው ነው እንጂ። ደከመኝ፣ ታከተኝ፣ ሰለቸኝ እንላለን። ደከመኝ ያለ ሰው ተኝቶ ሲነሳ ይድናል። ቀኑን ሙሉ ያረሰ ገበሬ ማታ «ደከመኝ» ይላል፤ ጠዋት ግን ተነስቶ በሬውን ይጠምዳል። ታከተኝ ያለ ሰው ተኝቶም ሲነሳ ያው ነው። ሰለቸኝ ሲል ደግሞ ልቡ ከሥራው ሸሽቷል፤ ሥራው ላይ ቆሞ ሥራውን ከሩቅ ያየዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዲት አጭር ንግግር ትመጣለች፦ «ብሠራስ ምን ዋጋ አለው?»

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ነገር በበሽታዎች መመደቢያ መጽሐፉ ላይ ሲያብራራ ያስቀመጠው እነዚህኑ ሦስቱን ነው፦ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራ ልብ መራቅ ወይም መክፋት፣ ውጤት እንደማያመጡ መሰማት። ከሥራ ጋር የተያያዘ ችግር ነው ብሎ መዘገበው እንጂ በሽታ ነው አላለም። ምንጩንም በሥራ ቦታ የቆየና በአግባቡ ያልተያዘ ጫና ብሎታል። ይህ ልዩነት ዋዛ አይደለም። በሽታ ቢሆን ኖሮ ሠራተኛዋን ወደ ሐኪም ልኮ መቀመጥ ይቻል ነበር። የሥራ ችግር ከሆነ ግን የተረኝነት ሰሌዳውን የሚያወጣው ሰውም ይጠየቃል።

«መቃጠል» የሚለው ስም ለአዊ ሰው አንድ ጥሩ ነገር ያስታውሳል። ከዚህ ወደ እንጅባራ ስትሄዱ አዲስ ቅዳም አካባቢ በመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ታያላችሁ፤ የዲከረንስ ከሰል ነው። ከሰል አክሳዩ እንጨቱን ከምሮ በሣርና በአፈር ይደፍነዋል። ከውጭ ነበልባል አይታይም። ጎበዙ አክሳይ ጭሱን እያየ ያድራል፤ አፈሩ አንድ ቦታ ተሰንጥቆ አየር ከገባ ጠዋት የሚያገኘው አመድ ነው። ክምሩን «ደህና ነህ ወይ?» ብሎ አይጠይቀውም፤ ጭሱን ያያል። እኛም የምንፈልገው ጭሱን ነው።

አሁን ወደ አንዲት አዋላጅ ነርስ ልውሰዳችሁ። ስሟን አልጠራም፤ የጤና ጣቢያውንም ስም አልጠራም። እንዲያውም እውነቱን ልናገርና አንዲት ሴት አይደለችም። በአእምሮ ጤና ባለሙያነቴ ካየኋቸው ከብዙዎቹ የቆራረስኩትን አንድ ላይ ገጣጥሜ ነው የምነግራችሁ። የጤና ባለሙያ ካላችሁ ግን የራሳችሁን ባልደረባ ታዩባታላችሁ። እኛም እንደ ሁሉም ሰው ሲስተር እንበላት።

ሲስተር ሰባት ዓመት አገልግላለች። ጤና ጣቢያው ሦስት አዋላጆች ነበሩት። ሌሊቱን ሦስት ሲካፈሉት ለእያንዳንዳቸው በወር 10 ዲዩቲ ይደርሳል። መስከረም ላይ አንደኛዋ ለትምህርት ሄደች፤ ምትክ አልመጣም። 30 ሌሊት ለሁለት ሲካፈል 15 ነው። ማንም ስብሰባ ጠርቶ «ሥራሽ በግማሽ ጨምሯል» አላላትም። ሰሌዳው ላይ ስሟ በዛ፤ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ምልክት ጥቅምት ላይ ታየ፤ ያየውም ሁሉ እንደ ጉብዝና ነው ያየው። ሲስተር ቶሎ መውጣት አቆመች። ከዲዩቲ ማግስት ጠዋት መውጣት ሲገባት እስከ ቀትር ትቆይ ጀመር። የጤና ሪፖርት ወሩ ከ21 እስከ 20 ነው የሚቆጠረው፤ 20 ሲደርስ ደግሞ ጭራሽ እስከ ማታ። ያው ሪፖርት ነው፤ አምና በግማሽ ቀን ትጨርሰው የነበረ። አሁን ቁጥሩ አልደመር ይላታል፤ ከመዝገቡ ላይ ትቆጥራለች፣ ይጠፋባታል፣ እንደገና ትቆጥራለች። ሰዓቱ ሲረዝም ሥራው ካልጨመረ፣ ያ ሰው የሚሠራው ከድካሙ ጋር እየታገለ ነው።

ይህን ነገር ቀድሞ በጽሑፍ ያስቀመጠው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የሚባል የሥነ ልቦና ሐኪም ነው። ጀርመን ተወልዶ ከናዚዎች አምልጦ አሜሪካ የገባ ሰው ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ ቀን በራሱ ክሊኒክ ይሠራና ማታ ደግሞ በነጻ የሚያክም ሌላ ክሊኒክ ገብቶ እስከ እኩለ ሌሊት ይቆይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ሰነፎች አልነበረም፤ ሥራቸውን ከልብ ስለሚወዱ ሰዎች ነው። ሰዓቱ ይረዝማል፣ የሚሠራው ያንሳል ብሏል። አልለቅ የሚል ጉንፋን፣ ራስ ምታት፣ የሆድ መታወክና እንቅልፍ ማጣትንም ከምልክቶቹ ጋር ቆጥሯቸዋል።

ሰውየው ስለ ራሱም የተናገረው ነገር አለ። ከቤተሰቡ ጋር ለዕረፍት ሊሄድ ቀን ተቆርጦ፣ ጉዞው ደርሶ፣ ያን ቀን ከአልጋው መነሳት አቃተው። ቀናት ተኛ። ከዚያ የድምፅ መቅጃ ከፊቱ አስቀምጦ ስለ ራሱ አወራ፤ የቀዳውንም እንደ ሌላ በሽተኛ ቃል አዳመጠው። ሌላውን ሲመረምር የሚውል ሐኪም የራሱን ድካም ያወቀው ድምፁን ከማሽን ሲሰማ ነው። ሲስተር ራሷን አላወቀችም ብለን የምንገረምበት ምክንያት የለንም።

ኅዳር ላይ ሲስተርን ጨጓራዋን አመማት። በእኛ አገር ጨጓራ ብዙ ነገር ይሸከማል፤ የተናደደም፣ የተጨነቀም፣ እንቅልፍ ያጣም «ጨጓራዬ ነው» ይላል። መድኃኒት ወሰደች፣ ተሻላት፣ ተመለሰባት፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ጉንፋን ያዛትና ሦስት ሳምንት ቆየ። ጨጓራ የእውነት በሽታ ነው፤ በባክቴሪያም ይመጣል፤ መታከም አለበት። ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ የጨጓራ ኪኒን ሲወስድ ካያችሁ፣ ከኪኒኑ ጋር የተረኝነት ሰሌዳውንም ማየት ደግ ነው።

ጥር 23 እንጅባራ የፈረሰኞች በዓል ነው። ያን ቀን ማን ዲዩቲ ይገባል ሲባል «እኔ እገባለሁ፣ እናንተ ሂዱ» ያለችው ሲስተር ናት። ሁሉም መረቃት። አምና ፈረሱ ሲሸለም ካላየሁ ስትል የነበረችው ሴት ዘንድሮ በዓሉ እንደ ሸክም ሆኖባት፣ ሰው መሀል መቆም ከሥራው በላይ አድክሟት እንደሆነ ማንም አላሰበም። ከደስታ ወደ ሥራ መሸሸግ ከመሥዋዕትነት ጋር ይመሳሰላል፤ ስለዚህ ይመሰገናል።

ምስጋና ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ላንሳ። በዚያ ሰሞን ጤና ጣቢያው ምስጉን ሠራተኛ ብሎ የምስክር ወረቀት ሰጣት። ወረቀቱ ላይ ያለ ዕረፍት በማገልገል የሚል ተጽፏል። በቅን ልብ ነው የተሰጠው፤ ነገር ግን ከጉዳቱ ሁሉ እኔ ይህን አብልጬ እቆጥረዋለሁ። ባለማረፏ በሰው ፊት የተሸለመች ሴት በሚቀጥለው ሳምንት «ማረፍ እፈልጋለሁ» ማለት እንዴት ይቻላታል?

የካቲት ላይ ያስተዋለችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። እትዬ እንበላት። ጤና ጣቢያው ውስጥ በአሥር ሰዓት ቡና ይፈላል። ሲስተር ድሮ በረካ ሳይደርስ የማትነሳ ነበረች። አሁን አቦሉን ቆማ ትጠጣና ትሄዳለች። እትዬ ለጥበቃው «ሲስተር ቡናዋን ቆማ መጠጣት ጀምራለች፤ ምን ሆናለች?» አለችው። በእኔ እምነት በዚያ ጤና ጣቢያ ውስጥ የተሰጠው የመጀመሪያ ትክክለኛ ምርመራ ይህ ነው። ኃላፊው የሚያየው ሪፖርቱ መድረሱን ነው፤ የጽዳት ሠራተኛዋ የምታየው ሰውን ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ማን እየታከተ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ከፋይል ቤቱ በፊት ቡና የምታፈላዋን ጠይቁ።

በዚያው ወር አነጋገሯም ተለወጠ። የምትወልደውን ሁሉ በስሟ የምትጠራ፣ «አይዞሽ እናቴ» የምትል ነበረች። አሁን «ያቺ ሁለተኛዋ አልጋ» ትላለች፤ «ኬዟ» ትላለች። ባለሙያ ሁሉ «ኬዝ» ይላል፤ ቃሉ ብቻውን ምንም አይደለም። ምልክቱ ለውጡ ነው። ሁልጊዜም እንዲህ ከሚናገር ሰው አፍ ብትሰሙት ጠባዩ ነው፤ በስም ይጠራ የነበረ ሰው ስም መጥራት ሲያቆም ግን ልቡ ከበሩ ወጥቷል። ታከተኝ ወደ ሰለቸኝ የተሻገረው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ጉዳይ ብዙ የሠራችው አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ክርስቲና ማስላክ ይህን መራቅ ራስን የመከላከያ መንገድ አድርጋ ታየዋለች። ብዙ ሕመም ያየ ልብ እንዳይሰበር ይደነድናል። መራቁ ክፋት አይደለም፤ ነገር ግን ምጥ ላይ ያለችው እናት ያን አታውቅም፤ እሷ የምታየው የተኮሳተረ ፊት ነው።

መጋቢት ላይ ጭሱ ወረቀት ላይ ወጣ። ምጥ የያዛት እናት ስትመጣ አዋላጇ የምጡን ሂደት የምትከታተልበት ፓርቶግራፍ የሚባል ወረቀት አለ። የሕፃኑ የልብ ምት በየ30 ደቂቃው ተለክቶ አንድ ነጥብ ይደረጋል፤ ስድስት ሰዓት የቆየ ምጥ 12 ነጥብ ይኖረዋል ማለት ነው። የጤነኛ ሕፃን ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ባለው መካከል ወጣ ወረድ ይላል፤ ስለዚህ በትክክል የተሞላ ወረቀት ላይ ነጥቦቹ ይወዛወዛሉ። እስክሪብቶው ይለያያል፤ አንዱ ነጥብ ይወፍራል፣ አንዱ ይቀጥናል፤ አንዳንዴም ጠብታ ያርፍበታል። በመጋቢት ወር የሲስተር ወረቀቶች ላይ ግን 140፣ 140፣ 140 ይላል፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ እንደ ክር ቀጥ ብሎ። ወረቀቱ የተሞላው ከወሊዱ በኋላ ነው። ቀጣዩ ወረቀት ላይም የእናቲቱ የደም ግፊት 120/80 ይላል፤ ከእሱ በኋላ ያለውም 120/80።

ይህን ያየ ተቆጣጣሪ «ሰነፈች» ወይም «አጭበረበረች» ይል ይሆናል። ለእናቲቱና ለሕፃኑ አደጋ ነውና ዝም የሚባል ነገር አይደለም። ግን ያቺ ሴት ለስድስት ዓመት ነጥቦቿ ሲወዛወዙ የኖሩ ናት። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ወረቀት አለ። አስተማሪው የሁሉንም ተማሪ ደብተር አንድ ዓይነት ምልክት ብቻ አድርጎ ይመልሳል፤ የባንክ ሠራተኛው ሳያነብ ይፈርማል፤ ሒሳብ ሠራተኛው ያለፈውን ወር ገልብጦ ቀኑን ብቻ ይቀይራል። ጥንቁቅ የነበረ እጅ ሁሉንም አንድ ዓይነት ማድረግ ሲጀምር መንፈሱ ደክሟል።

በዚህ ሁሉ መካከል ሲስተር ስትጠየቅ «ደህና ነኝ» ትላለች። እየዋሸች ነው ወይ? አብዛኛውን አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። 48 ጤነኛ ሰዎችን ተቀበሉ፤ አንዳንዶቹን ለ14 ቀን በየሌሊቱ 8 ሰዓት፣ አንዳንዶቹን 6፣ አንዳንዶቹን 4 ሰዓት ብቻ አስተኟቸው። ሌሎቹን ደግሞ ለሦስት ሌሊት ጭራሽ አላስተኟቸውም። ከዚያ ምን ያህል ፈጥነው እንደሚያስተውሉና እንደሚያስታውሱ በየቀኑ ለኩ። 6 እና 4 ሰዓት የተኙት በየቀኑ እየወረዱ ሄዱ፤ ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ አንድ ሌሊት፣ አንዳንዱ ፈተና ላይም ሁለት ሌሊት ሳይተኛ እንዳደረ ሰው ሆኑ። «እንቅልፍ እንቅልፍ ይላችኋል ወይ?» ሲባሉ ግን መልሳቸው ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ብዙም አልተለወጠም። ሥራቸው ይወርዳል፤ እነሱ ግን «ለመድነው» ይላሉ።

ለዚህ ነው በ«ደህና ነኝ» መተማመን የማይቻለው። የደከመው አእምሮ ድካሙን የሚለካበት መሣሪያውም አብሮ ይደክማል። አንድ ሌሊት ያልተኛ ሰው ማጣቱን ያውቃል፤ ለወራት በግማሽ የተኛ ሰው ግን ያን ኑሮዬ ነው ብሎ ይቀበለዋል።

የቀረውን ደግሞ ሲስተር ታውቃለች፤ አውቃ ነው የምትደብቀው። አንደኛ፣ እሷ ከቀረች ሁሉም ሌሊት የሚወድቀው በአንዲት ባልደረባዋ ላይ ነው። ሁለተኛውን ሰው መናገር አይወድም፤ የዲዩቲ ክፍያ ነው። 15 ሌሊት የገባ ሰው 10 ከገባው ይበልጥ ያገኛል፤ ሲስተር ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የገባ ታናሽ ወንድም አላት። ታክቶኛል ብትል ሌሊቱ ይቀነስላታል፤ ከሌሊቱ ጋር የወንድሟ የቤት ኪራይም ይቀነሳል። ይህን ሳያዩ ስለ ዕረፍት መምከር ከንቱ ነው።

ታዲያ በምን እንለካ? ፈረስን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ በአዊ ምድር ስለ ፈረስ ማስተማር ድፍረት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። በዓለም ላይ የረጅም ርቀት የፈረስ ግልቢያ ውድድር አለ። በየመንገዱ የእንስሳት ሐኪም ያቆማቸዋል። ሐኪሙ የሚለካው ፈረሱ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሮጠ አይደለም። ፈረሱ ቆሞ ጥቂት ደቂቃ ካረፈ በኋላ የልብ ምቱ ወርዷል ወይ ነው የሚለካው። በብዙ ውድድሮች ልኩ በደቂቃ 64 ነው፤ ከተሰጠው ደቂቃ በኋላም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈረሱ አይቀጥልም፤ ጌታው «ደህና ነው፣ ይሮጣል» ቢል አይሰማም። ብርቱ ፈረስ ደክሞም ይሮጣልና ሩጫው ምንም አይናገርም። የሚናገረው ከዕረፍት በኋላ ያለው የልብ ምት ነው።

ሲስተርን የለካት ፋሲካ ነው። ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ሦስት ቀን ቤቷ ሆነች። ሦስቱንም ሌሊት ተኛች፣ ዶሮ በላች፣ እናቷ ጋር ሄደች። ማክሰኞ ጠዋት ስትመጣ ዓይኗ ያው ነው፤ ትከሻዋ ያው ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ ቡናዋን ቆማ ጠጣች። የደከመ ሰው ቢሆን ማክሰኞ ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣ ነበር። ሰኞ ሲመሽ ደግሞ ሆዷን ይዟት ነበር፤ ነገ ሥራ ነው በሚለው ሐሳብ ብቻ። የሠራተኛን ድካም ዓርብ ማታ አትዩት፤ ዓርብ ማታ ሁሉም ደካማ ነው። ሰኞ ጠዋት እዩት።

ያን ማክሰኞ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነገሩን አየው። ወደ ቢሮው ጠራትና እንደ ልማዱ «ደህና ነሽ ወይ?» አላት። «ደህና ነኝ።» «ታመሽ ከሆነ እረፊ።» «እናቶቹን ለማን ልተዋቸው?» እዚህ ላይ ብዙ ኃላፊ ይተወዋል። እሱ ግን ሰሌዳውን ከግድግዳ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና ቁጥር ጠየቃት። «ባለፉት 14 ቀናት ስንት ሌሊት ቤትሽ አደርሽ?» ቆጠረች፤ ከፋሲካው ጋር ሰባት። «ከዲዩቲ ማግስት ስንት ሰዓት ወጣሽ?» ስድስት ሰዓት፣ አንዳንዴ ስምንት። «የዓመት ፈቃድ የወጣሽው መቼ ነው?» «አምና... አይ፣ ካቻምና» አለችና ዝም አለች። መልሱን ሰምታ የደነገጠችው ራሷ ናት። ሰላምታ ሊመልሰው የሚችለውን ጥያቄ ትቶ፣ መልሱ ቁጥር ወይም ቀን የሆነ ጥያቄ መጠየቁ ነው ሥራውን የሠራው።

ከዚያ ሳይቸኩል መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ላካት። ይህን አስምሩበት፤ ሁሉ ድካም የሥራ መታከት አይደለም። ደም ማነስ እንዲህ ያደርጋል፤ እንቅርት ባለበት ደጋ አገር የዚያ እጢ ሥራ መዛባትም ያደክማል፤ ስኳርም፣ ሳንባም፣ እርግዝናም አለ። ድባቴ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ደግሞ ከመታከት ጋር በጣም ይመሳሰላል። ለመለየት አንድ ነገር ይረዳል፤ በሥራ የታከተ ሰው ከሥራው ርቆ ውሎ ሲያድር፣ የወንድሙ ሠርግ ላይ፣ ልጁን ሲያቅፍ ትንሽ ሳቅ ይመለስለታል። ድባቴ የያዘው ሰው ጨለማው ሠርግ ቤትም ይከተለዋል። መታከቱ ሲቆይ ወደ ድባቴ የሚያደርስ ሰው አለ፤ ስለዚህ ልዩነቱ ሁሌ ጥርት ያለ አይደለም። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከሰማችሁ ግን መለየቱን ለባለሙያ ተዉት፤ ያን ሰው ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሱት።

የሲስተር ምርመራ ደህና ወጣ። ኃላፊው ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሄዶ ከጎረቤት ጤና ጣቢያ አንዲት አዋላጅ ለሦስት ወር በትውስት አመጣ፤ ሌሊቱ ወደ 10 ተመለሰ። የወሩን ሪፖርት ለሌላ ሰው ሰጠ። ከዲዩቲ ማግስት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የማዋለጃ ክፍሉን ቁልፍ ከእጇ መቀበል ጀመረ፤ ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ከሁሉ የጠቀመው ይመስለኛል። ለክፍያው ደግሞ በዓላት የሚውሉባቸውን ዲዩቲዎች በእኩል እንዲካፈሉ አደረገ፤ የቀረባትን ሁሉ አልሞላላትም፣ ወንድሟም ያን ሰሞን ከጓደኛው ጋር ተዳብሎ ኖረ። ከተጠራቀመው ፈቃዷ አሥር ቀን አወጣት። ፈቃዱን ከሰሌዳው በኋላ መስጠቱን ልብ በሉ። ሰሌዳው ሳይለወጥ ፈቃድ የወጣ ሰው ተመልሶ የሚገባው ወደዚያው 15 ሌሊት ነው፤ የዕረፍቱም ጥቅም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይበናል።

እንቅልፏ በሁለት ሳምንት ተመለሰ። ጨጓራዋ ሰኔ ላይ ተዋት። ልቧ ግን ቆየ፤ እናቶቹን በስም መጥራት የጀመረችው ሐምሌ ላይ ነው፣ ቡናውን ቁጭ ብላ እስከ በረካ የጠጣችው ነሐሴ ላይ። መጀመሪያ የሄደው ጉልበት መጀመሪያ ተመለሰ፤ በኋላ የሄደው ልብ በኋላ ተመለሰ። መታከቱ በጥቅምት ቢታይ ኖሮ ምን ያህል ይቀንስ እንደነበር እናንተ አስሉት።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቀጣሪዎችም አላችሁ፤ ባንክ፣ ወፍጮ ቤት፣ ሆቴል፣ የግል ትምህርት ቤት። ለእናንተ የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ፈቃድ ሊተላለፍ ይችላል፤ ከሁለት ዓመት በላይ ግን አይተላለፍም። ደግሞ ሠራተኛው «ፈቃዴን ትቻለሁ፣ አልፈልግም» ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው ዋጋ የለውም። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች የእኛን ሲስተር ያወቋት ይመስላል፤ «ደህና ነኝ፣ አልፈልግም» ማለቷን አልተቀበሏትም።

ሰኞ ቢሮ ስትገቡ የፈቃድ ፋይሉን አስወጡና ሁለት ዓመት የሞላው ፈቃድ ያለውን ሰው ፈልጉ። ስሙን ሳታነቡት ማን እንደሆነ ታውቁት ይሆናል፤ ሁልጊዜ የምታመሰግኑት ነው። ደህና ነህ ወይ ብላችሁ አትጠይቁት። ቀን ቁረጡለት፣ የሚተካውን ሰው መድቡና ቁልፉን ተቀበሉት።